ከማማው እስከ ጓዳ፦ የ4ጂ እና የ5ጂ ኔትወርክ ፍጥነት፣ የምላሽ መዘግየትና የቤት ውስጥ ሽፋን በጭሮና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች

በጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና፣ በበዴሳ ወይም በገለምሶ የሞባይል ተጠቃሚዎች ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታ አንድ ነው፤ በደጅ ያለው ኔትወርክ ቤት ውስጥ ሲገቡ ይጠፋል። በአንድ መንደር ጎን ለጎን በቆሙ ሁለት ቤቶች፣ አንዳንዴም በአንዱ ቤት ሳሎንና ጓዳ መካከል፣ አገልግሎቱ ፈጽሞ የተለያየ ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አዲሱ ትውልድ ሲመጣ ይስተካከላል» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ መልሱ በከፊል ብቻ እውነት መሆኑን ያሳያል። የኔትወርኩ ትውልድ የሚወስነው ሊደረስበት የሚችለውን ከፍተኛ ፍጥነትና ዝቅተኛ መዘግየት ነው። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ጓዳ ድረስ እንደሚደርስ ግን የሚወስኑት የሞገዱ ድግግሞሽ፣ የግድግዳው ዓይነትና የመስኮቱ አቅጣጫ ናቸው።

ጉዳዩ ለምዕራብ ሐረርጌ ተግባራዊ ክብደት አለው። ኢትዮ ቴሌኮም የአራተኛውን ትውልድ (4ጂ) አገልግሎት በአዲስ አበባ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአምስተኛውን ትውልድ (5ጂ) የሙከራ አገልግሎት በዚያው ከተማ ያስጀመረው በግንቦት 2014 ዓ.ም. ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በድሬዳዋ ሥራ ጀምሯል። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር ደግሞ የሞባይል ምልክትን ከመነጋገሪያነት አልፎ የገበያ መክፈያ አድርጎታል። ክፍያ በሱቁ ጓዳ ውስጥ ሆኖ የሚጠብቅ ነጋዴ የሚያስፈልገው በሰከንድ ብዙ መቶ ሜጋቢት አይደለም፤ ጥቂት ባይት ግድግዳውን አልፎ በጊዜው መድረሱ ነው። ስለዚህ ለዞኑ ከተሞች ኔትወርክ ሲታቀድ «ስንተኛው ትውልድ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «በየትኛው ድግግሞሽ?» የሚለውም መነሣት አለበት።

የፍጥነት ልዩነቱ ምንጭ

የ5ጂ ፍጥነት ዋና ምንጭ የሚጠቀምበት የድግግሞሽ ስፋት ነው። አንድ የ4ጂ ቻናል ቢበዛ 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ሲኖረው፣ በመካከለኛው ድግግሞሽ የሚሠራ የ5ጂ ቻናል እስከ 100 ሜጋኸርዝ ይደርሳል። ስፋትና ፍጥነት የሚገናኙበትን ወሰን ክሎድ ሻነን በ1948 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ቀመር ይገልጸዋል፦

```
C = B · log2(1 + S/N)
```

በቀመሩ C በሰከንድ ሊተላለፍ የሚችለው የቢት መጠን፣ B የድግግሞሹ ስፋት፣ S/N ደግሞ የምልክቱ ኃይል ከጀርባ ረብሻው ጋር ያለው ንጽጽር ነው። ቀመሩ ሁለት ነገሮችን በግልጽ ያሳያል። አንደኛ፣ ስፋቱ አምስት እጥፍ ሲሆን ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ ፍጥነቱም አምስት እጥፍ ያድጋል። ሁለተኛ፣ S/N እጅግ ሲያንስ የስፋቱ ጥቅም ይሟጠጣል፤ ሰፊ መንገድ ተሠርቶ መኪናው ሳይደርስ እንደ መቅረት ነው።

ከዚህም አንድ ማስጠንቀቂያ ይከተላል። ከ1000 ሜጋኸርዝ በታች ባለው ዝቅተኛ ድግግሞሽ የሚሰጥ 5ጂ በአብዛኛው የሚያገኘው 10 ወይም 20 ሜጋኸርዝ ስፋት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው 5ጂ በስልኩ ማያ ላይ ስሙ ቢጻፍም ፍጥነቱ ከጥሩ 4ጂ ብዙም አይርቅም። «5ጂ ፈጣን ነው» የሚለው አባባል በዋናነት የሚመለከተው በ3500 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራውን ሰፊ ቻናል ነው። ቤት ውስጥ ለመግባት የሚቸገረውም ይኸው ነው።

ግድግዳው የሚያስከፍለው ዋጋ

የሬዲዮ መሐንዲሶች የምልክት መዳከምን በዴሲቤል ይለካሉ። 3 ዴሲቤል መቀነስ ማለት ኃይሉ ወደ ግማሽ፣ 10 ዴሲቤል ማለት ወደ አንድ አሥረኛ፣ 20 ዴሲቤል ማለት ወደ አንድ መቶኛ ወረደ ማለት ነው። ተመሳሳይ አንቴና ያለው ስልክ ከማማው እኩል ርቀት ላይ ቆሞ በገላጣ ቦታ ሲቀበል፣ ከ1800 ወደ 3500 ሜጋኸርዝ መሸጋገር 6 ዴሲቤል ያህል ያስቀንሰዋል። ከ1800 ወደ 800 ሜጋኸርዝ መውረድ በአንጻሩ 7 ዴሲቤል ይጨምርለታል። የ5ጂ ጣቢያዎች በርካታ ጥቃቅን አንቴናዎችን አቀናጅተው ጨረሩን ወደ ተጠቃሚው በማነጣጠር ከዚህ ኪሳራ የተወሰነውን ይመልሳሉ። ግድግዳው የሚወስደውን ግን ሁልጊዜ ማካካስ አይችሉም።

የዓለም አቀፉ የሞባይል ደረጃ አውጪ ጥምረት (ስሪጂፒፒ) ለሽፋን ስሌት የሚጠቀምባቸው ቀመሮች ቀላል ናቸው። f በጊጋኸርዝ ሲሰጥ የሚከተሉት ውጤቱን በዴሲቤል ይሰጣሉ፤ የመጀመሪያው ለተራ መስታወት፣ ሁለተኛው ለኮንክሪት፣ ሦስተኛው ሙቀት እንዲመልስ በብረት ለተቀባ መስታወት ነው፦

```
L = 2 + 0.2·f
L = 5 + 4·f
L = 23 + 0.3·f
```

ተራ መስታወት በየትኛውም ድግግሞሽ ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ብቻ ይወስዳል። ኮንክሪት በ800 ሜጋኸርዝ 8፣ በ1800 ሜጋኸርዝ 12፣ በ3500 ሜጋኸርዝ ደግሞ 19 ዴሲቤል ይወስዳል። የተቀባው መስታወት ግን በሁሉም ድግግሞሽ ከ23 ዴሲቤል በላይ ይወስዳል። ይህም አዲስ ባለመስታወት ሕንፃ ውስጥ ምልክቱ ከአሮጌ ቤት የባሰ የሚሆንበትን ምክንያት ይገልጻል፤ ሕንፃው ብርሃን ያስገባል፣ ሞገዱን ግን ይመልሳል።

በዞኑ ከተሞች በብዛት የሚታዩ ሁለት ቁሶች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው ብረት ነው። የቆርቆሮ ጣሪያና አጥር፣ የላሜራ በርና መስኮት፣ የሱቅ ተጠቅላይ መዝጊያ ሞገዱን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይመልሳሉ፤ በዚህ ረገድ በ800 እና በ3500 ሜጋኸርዝ መካከል ተግባራዊ ልዩነት የለም። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የሚደርሰው ምልክት በክፍተቶች የገባ ነው። ስለዚህም የላሜራ መስኮቱ ቀን ሲከፈት ኔትወርክ የነበረው ክፍል ማታ ሲዘጋ ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛው የጭቃ ግድግዳ ነው። ደረቅ ጭቃ ለሞገድ በአንጻራዊነት ገር ሲሆን፣ በክረምት ውሃ ሲጠጣ የሚወስደው ኃይል ይጨምራል፤ ውሃ በነዚህ ድግግሞሾች ኃይልን አጥብቆ የሚመጥ ነገር ነውና።

ጣሪያው ግን ብዙ ጊዜ የሚወቀሰውን ያህል ጥፋተኛ አይደለም። ከስልኩ 60 ሜትር ከፍ ብሎ በ600 ሜትር ርቀት ላይ ካለ አንቴና የሚመጣ ሞገድ ከአድማስ በላይ 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ማለትም የሚገባው በግድግዳው በኩል ነው። ጣሪያ ዋና እንቅፋት የሚሆነው ማማው እጅግ ሲቀርብ ወይም በቁልቁለት ላይ በተሠራ ሰፈር የላይኛው ጎረቤት ቆርቆሮ በታችኛው ቤት መስኮት ፊት ሲደቀን ነው። በጨርጨር ተራሮች ሥር በተዳፋት ላይ የተዘረጋችው ጭሮ ይህን ሁለተኛውን ሁኔታ በብዙ ሰፈሮቿ ታስተናግዳለች።

አንድ ቤት በስሌት

ነገሩን በአንድ ምሳሌ መከታተል ይቻላል። በጭሮ አንድ ባለሦስት ክፍል ቤት ይታሰብ። ሳሎኑ ወደ ማማው የዞረ ተራ መስታወት ያለው መስኮት አለው፤ ከግድግዳው 30 በመቶው መስታወት፣ 70 በመቶው ኮንክሪት ነው። መኝታ ቤቱ ወደ ማማው የዞረው ግድግዳው ድፍን ነው። ጓዳው ከመኝታ ቤቱ በስተጀርባ፣ ከሌላ ተመሳሳይ ግድግዳ ኋላ ይገኛል። በደጅ በ1800 ሜጋኸርዝ የሚለካው የምልክት መጠን (ስልኮች RSRP ብለው የሚያሳዩት) −85 dBm ነው እንበል። ሁሉም ድግግሞሾች ከማማው በእኩል ኃይል ተልከዋል ተብሎ፣ ቀመሮቹም ወደ ሕንፃ ለመግባት የሚጨምሩት 5 ዴሲቤል ተቆጥሮ ውጤቱ በ dBm እንዲህ ይሆናል፦

| ቦታ | 800 ሜጋኸርዝ | 1800 ሜጋኸርዝ | 3500 ሜጋኸርዝ |
|---|---|---|---|
| ደጅ | −78 | −85 | −91 |
| ሳሎን | −88 | −97 | −104 |
| መኝታ ቤት | −91 | −102 | −115 |
| ጓዳ | −99 | −114 | −134 |

ከሠንጠረዡ ጎልቶ የሚታየው የመስኮቱ ሚና ነው። በሳሎኑ ከ800 ወደ 3500 ሜጋኸርዝ ሲኬድ ግድግዳው በራሱ የሚጨምረው ኪሳራ 2 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ሞገዱ በመስታወቱ በኩል ስለሚገባ የኮንክሪቱ ጥንካሬ ብዙም አይቆጠርም። ድፍኑ ግድግዳ ላይ ግን ይኸው ልዩነት ወደ 11 ዴሲቤል ያድጋል። በሁለት ግድግዳ ኋላ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። ከፍተኛ ድግግሞሽ ቤት ውስጥ አይገባም የሚለው አባባል ስለዚህ መታረም አለበት፤ በመስኮት ይገባል፣ በድፍን ግድግዳ ግን ይከለከላል።

እነዚህ ቁጥሮች ወደ ፍጥነት ሲቀየሩ የሁለቱ ትውልዶች ደረጃ የሚገለባበጥበት ቦታ ይታያል። 4ጂ በ1800 ሜጋኸርዝ በ20 ሜጋኸርዝ ስፋት፣ 5ጂ በ3500 ሜጋኸርዝ በ100 ሜጋኸርዝ ስፋት እንደሚሠሩ፣ ከሌሎች ማማዎችም ረብሻ እንደሌለ ተወስዶ የሻነን ወሰን ሲሰላ፣ በሳሎን 4ጂ 190፣ 5ጂ 620 ሜጋቢት በሰከንድ ያህል ያገኛሉ። በመኝታ ቤት 150 እና 270 ይሆናሉ፤ የ5ጂ ብልጫ ከሦስት እጥፍ ወደ ሁለት እጥፍ እንኳ ወደማይሞላ ወርዷል። በጓዳ ግን 4ጂ 74 ሲያገኝ የ5ጂው ወሰን ወደ 10 ይወርዳል። በተግባር ስልኩ በ −134 dBm ላይ ግንኙነቱን ይዞ መቆየት ስለማይችል በጓዳው 5ጂ የለም ማለት ይቻላል።

እውነተኛ ስልኮች ከነዚህ ወሰኖች ያነሰ ያገኛሉ፤ ቻናሉንም ከሌሎች ተጠቃሚዎች ጋር ይጋራሉ። በውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ከድፍን ኮንክሪት ያነሰ ስለሚያዳክም በብሎኬት ቤት መገለባበጡ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገፋል። ሆኖም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም። ከዚህም በላይ ስሌቱ የተመለከተው ከማማ ወደ ስልክ የሚወርደውን ብቻ ነው። ማማው በአሥራት የሚቆጠር ዋት ሲያሰራጭ የተለመደ ስልክ የሚልከው ቢበዛ 0.2 ዋት ያህል ነው። ስለዚህ በጓዳ መጀመሪያ የሚሰበረው የስልኩ መልስ ነው። የምልክቱ ዘንግ እየታየ መልእክት «አልተላከም» የሚለውም ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

የምላሽ መዘግየት

መዘግየት ማለት አንድ ጥያቄ ከስልኩ ተነሥቶ መልሱ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ጉዞው ሁለት ክፍል አለው፤ በአየር ላይ ከስልክ እስከ ማማ፣ ከዚያም በፋይበር ወይም በማይክሮዌቭ መስመር እስከ አገልጋዩ ኮምፒውተር። ትውልዱ የሚለውጠው በዋናነት የመጀመሪያውን ነው። 4ጂ ጊዜን በ1 ሚሊሰከንድ ይቆራርጣል፤ የመካከለኛ ድግግሞሽ 5ጂ ደግሞ በተለመደው አሠራሩ በ0.5 ሚሊሰከንድ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለአየሩ ክፍል ያስቀመጠው መስፈርት ለአራተኛው ትውልድ 10 ሚሊሰከንድ ሲሆን፣ ለአምስተኛው በተለመደው የኢንተርኔት አገልግሎት 4፣ እጅግ አስተማማኝ ግንኙነት ለሚሹ ሥራዎች ደግሞ 1 ሚሊሰከንድ ነው።

ሁለተኛውን ክፍል ግን ትውልድ አይለውጠውም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር በደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ያስከፍላል። ከጭሮ እስከ አዲስ አበባ ያለው 325 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ 3 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። አገልጋዩ አውሮፓ ውስጥ ከሆነና የፋይበሩ መንገድ 8,000 ኪሎ ሜትር ነው ከተባለ ግን 80 ሚሊሰከንድ በርቀቱ ብቻ ይጠፋል። ከዚህ ላይ ከአየሩ ጥቂት ሚሊሰከንድ መቆጠቡ ተጠቃሚው የሚያስተውለው ለውጥ አይሆንም። ይዘቱ አገር ውስጥ ሲቀመጥ ግን የአየሩ ክፍል ከጠቅላላው መዘግየት ትልቁን ድርሻ ይይዛል፤ የ5ጂ ብልጫም ያን ጊዜ ይታያል።

የቤት ውስጥ ሽፋን ከመዘግየት ጋር የሚገናኘውም እዚህ ላይ ነው። በደካማ ምልክት የተላከ መረጃ ተበላሽቶ ሲደርስ እንደገና ይላካል፤ በ4ጂ እያንዳንዱ ዳግም ልኬት 8 ሚሊሰከንድ ያህል ይጨምራል። ስልኩ በ5ጂ ጠርዝ ላይ ሆኖ ወደ 4ጂ እየወረደ ተመልሶም እየወጣ የሚዋልል ከሆነ መቋረጡ ከዚህም ይረዝማል። ስለዚህ በጓዳ ውስጥ የጸና 4ጂ ከሚዋልል 5ጂ ያነሰ መዘግየት ሊሰጥ ይችላል። በድምፅ ወይም በምስል ጥሪ የሚሰማው መቆራረጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአማካይ መዘግየቱ ሳይሆን ከዚህ ወጥነት ማጣት ነው።

ችግሩን መለየት

መንስኤውን ለመለየት ስልኩ በቂ መሣሪያ ነው። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች `*#*#4636#*#*`፣ በአይፎን ደግሞ `*3001#12345#*` ሲደወል የመለኪያ ገጽ ይከፈታል። ከገጹ RSRP እና፣ ስልኩ የሚያሳይ ከሆነ፣ SINR ይነበባሉ፤ የመጀመሪያው የምልክቱን መጠን፣ ሁለተኛው የምልክቱን ንጽሕና ይናገራል። ንባቡ በደጅ፣ በመስኮት አጠገብና በጓዳ፣ በየቦታው ስልኩን ጥቂት ጊዜ በማቆየት መወሰድ አለበት፤ አንድ እርምጃ መራመድ ብቻውን ቁጥሩን በበርካታ ዴሲቤል ሊያወዛውዘው ይችላልና።

RSRP በደጅ ጥሩ ሆኖ በጓዳ ከ −110 በታች ከወረደ ችግሩ ግድግዳው ነው። የላሜራውን በር ከፍቶና ዘግቶ መለካት ይህን ወዲያው ያረጋግጣል። በደጅም ደካማ ከሆነ ችግሩ ርቀት ወይም የተራራ ጥላ ነው፤ በጥላ ውስጥም ዝቅተኛው ድግግሞሽ በሸንተረሩ ላይ ይበልጥ ስለሚታጠፍ የተሻለ ይደርሳል። RSRP ጥሩ ሆኖ SINR ዝቅ ካለ ችግሩ የማማዎች መጠላለፍ ነው። ይህ በተራራ በተከበበች ከተማ በፎቅ ላይ ባሉ ክፍሎች ይጠበቃል፤ ከታች የማይታዩ በርካታ ማማዎች ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታያሉና። ሁለቱም ጥሩ ሆነው ፍጥነቱ ምሽት ላይ ብቻ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ የተጠቃሚ ብዛት ወይም ከማማው በስተጀርባ ያለው መስመር ጥበት ነው። ለዚህኛው መስኮት መክፈት አይረዳም።

መፍትሔውም እንደ መንስኤው ይለያያል። ግድግዳው ሲሆን መቀበያ ራውተሩን ወደ ማማው በዞረው መስኮት አጠገብ አስቀምጦ ለውስጥ ክፍሎች በዋይፋይ ማዳረስ ብዙውን ጊዜ ይበቃል፤ በምሳሌው ቤት ይህ ለ5ጂ የጓዳውን −134 ትቶ የሳሎኑን −104 መጠቀም ማለት ነው። ፈቃድ የሌለው የምልክት ማጉያ መትከል ግን የማማውን መቀበያ በረብሻ ስለሚሞላ የሰፈሩን ሁሉ አገልግሎት ሊጎዳ ይችላል።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚከተለው ድምዳሜ ግልጽ ነው። እንደ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ባለ፣ ብዙ ተጠቃሚ በአንድ ግቢ በሚሰበሰብበት ቦታ የሚያስፈልገው አቅም ስለሆነ ሰፊው የ5ጂ ቻናል፣ በሕንፃዎቹ ውስጥ ከሚተከሉ አነስተኛ ጣቢያዎች ጋር፣ ዋጋ ያወጣል። በሂርና ወይም በበዴሳ ሱቅ ጓዳ ለሚጠበቀው የክፍያ ማረጋገጫ ግን አስቀድሞ የሚያስፈልገው በዝቅተኛ ድግግሞሽ የተዘረጋ የጸና ሽፋን ነው፤ በሠንጠረዡ በጓዳው ረድፍ ሳይቸገር የሚገኘው የ800 ሜጋኸርዙ −99 ብቻ ነው። የሽፋን ካርታዎች በተለምዶ የሚያሳዩት ከሠንጠረዡ የመጀመሪያውን ረድፍ ነው፤ ተጠቃሚው የሚኖረው ግን በታችኞቹ ሦስት ረድፎች ውስጥ ነው። በዞኑ ከተሞች የሚደረግ የሽፋን ጥናትም መለኪያውን ከመንገድ ወደ ክፍል ማስገባት፣ ከእያንዳንዱ ንባብ ጋርም የግድግዳውን ቁስ፣ የመስኮቱን አቅጣጫና ድግግሞሹን መመዝገብ ይኖርበታል።